ባንኩ «ክሬዲት» ሲል ደብተርሽ «ዴቢት» የሚለው ለምንድን ነው?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቢቸና ላይ ጤፍ እነግዳለሁ። እስካሁን የምጽፈው የገባና የወጣ ብቻ ነበር። አሁን ሂሳብ የተማረው የወንድሜ ልጅ ሁሉን ነገር ዴቢትና ክሬዲት እያልሽ ሁለት ሁለት ጊዜ ጻፊ ይለኛል። ባንክ ብር ሲገባልኝ ‹ዴቢት› በይ ይላል፤ ባንኩ ደግሞ በስልኬ ‹ክሬዲት ተደርጓል› ብሎ ይልክልኛል። ማንን ልመን? ደግሞስ አንድ ብር ለምን ሁለት ጊዜ ይጻፋል?»

እህቴ፣ ሁለቱንም እመኛቸው። የወንድምሽ ልጅ የሚጽፈው በአንቺ መዝገብ ላይ ነው። ባንኩ የላከልሽ መልእክት ደግሞ የተነሳው ከራሱ መዝገብ ነው። ብሩ አንድ ነው፣ መዝገቡ ግን ሁለት ነው።

50,000 ብር ባንክ አስገባሽ እንበል። ለአንቺ ይህ ሀብት ነው፤ ባንክ ያለሽ ገንዘብ ጨምሯል። ለባንኩስ? ባንኩ ብሩን ተረከበ እንጂ የራሱ አላደረገውም። በጠየቅሽው ቀን ሊመልስልሽ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የአንቺ አካውንት በባንኩ መዝገብ ላይ የተቀመጠው ዕዳ ሆኖ ነው። በሂሳብ አያያዝ ሀብት ሲጨምር ዴቢት ይደረጋል፣ ዕዳ ሲጨምር ክሬዲት ይደረጋል። የስልክሽ መልእክት «ለአንቺ ያለብኝ ዕዳ በ50,000 ብር ጨመረ» እያለሽ ነው። ብር ስታወጪ «ዴቢት ተደርጓል» የሚለውም ዕዳው ስለቀነሰለት ነው።

ከባንኩ ብድር ብትወስጂ ነገሩ ይገለበጣል። ብድሩ ለአንቺ ዕዳ ነው፤ ለባንኩ ደግሞ ከአንቺ የሚሰበስበው ሀብት። አንቺ የብድሩን ሂሳብ በክሬዲት ትጽፊያለሽ፣ እሱ በዴቢት ይጽፋል። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ገንዘብ ሲጽፉ መዝገቦቻቸው ሁልጊዜ እንዲህ ፊትና ጀርባ ናቸው።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ሂሳባቸውን ይዘው ከሚመጡልኝ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ከስልክ መልእክቱ ተነስተው «ክሬዲት ማለት ገባ፣ ዴቢት ማለት ወጣ» ብለው ይዘዋል። በዚያ ሐሳብ መዝገብ የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን መስመር ገልብጦ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተገልብጦ ይሄዳል። እነዚህን ቃላት ከመግባትና ከመውጣት፣ ከጥሩና ከመጥፎም ለይቻቸው። ዴቢት የገጹ ግራ ነው። ክሬዲት የገጹ ቀኝ ነው። በቃ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። አንድ ብር ሁለት ጊዜ አይጻፍም። የሚጻፈው የአንድ ድርጊት ሁለት ወገን ነው። ማንኛውም የገንዘብ እንቅስቃሴ ሁለት ጥያቄ አለው፤ ከየት መጣ? ምን ላይ ዋለ? «ከየት መጣ» የሚለው መልስ ክሬዲት ላይ ይሰፍራል። «ምን ላይ ዋለ» የሚለው ዴቢት ላይ። የሁለቱ መጠን እኩል ነው፤ ምክንያቱም ከየትም ያልመጣ ብር የለም፣ የትም ያልዋለ ብርም የለም።

የእስካሁኑ ደብተርሽ የሚመልሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። ጤፍ ስትገዢ «ወጣ» ትያለሽ። ለልጅሽ ትምህርት ቤት ስትከፍዪ «ወጣ» ትያለሽ። ዕቁብ ስትጥዪም «ወጣ» ነው። ሦስቱ ግን በፍጹም አንድ አይደሉም። በጤፉ ግዢ ብርሽ መልኩን ቀየረ እንጂ ከእጅሽ አልጠፋም፤ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። በትምህርት ቤቱ ክፍያ ከንግዱ አውጥተሽ ለቤትሽ አዋልሽው። ዕቁቡ ደግሞ ሰው ዘንድ ያለ ገንዘብሽ ነው። በወሩ መጨረሻ «ብዙ ወጣ፣ ትንሽ ገባ» የሚል ደብተር ይዘሽ ትርፍ ላይ ነሽ ኪሳራ ላይ መለየት አትችዪም።

ለእያንዳንዱ ዓይነት ነገር አንድ ገጽ ስጪው። ለባንክ አንድ ገጽ፣ ለጤፍ ክምችት አንድ፣ ለሚበደሩሽ አንድ፣ ለምትበደሪያቸው አንድ፣ እያልሽ ቀጥዪ። የእነዚህ ገጾች መዝገብ ሌጀር ይባላል። እያንዳንዱን ገጽ መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች በመስመር ክፈዪው። ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት ነው።

ሀብት፣ ማለትም ያለሽ ነገር ሁሉ፣ ሲጨምር በግራ ይጻፋል፤ ሲቀንስ በቀኝ። ዕዳና ካፒታል ሲጨምሩ በቀኝ ይጻፋሉ፤ ሲቀንሱ በግራ። ይህ ዝም ብሎ የወጣ ሕግ አይደለም። ያለሽ ነገር ሁሉ ወይ ከራስሽ ኪስ የመጣ ነው ወይ ከሰው የተበደርሽው ነው፤ ሦስተኛ ምንጭ የለውም። ስለዚህ ያለሽ ነገር ድምር ሁልጊዜ ከዕዳሽና ከካፒታልሽ ድምር ጋር እኩል ነው። ያለሽን በግራ፣ የመጣበትን በቀኝ ስታስቀምጪ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ገቢና ወጪ የካፒታል ልጆች ናቸው። ገቢ ካፒታልሽን ስለሚያሳድግ በቀኝ ይጻፋል። ወጪ ካፒታልሽን ስለሚበላ በግራ ይጻፋል። ሰው እዚህ ጋ ይደናገራል፤ «ሀብትና ወጪ እንዴት በአንድ ጎን ይሆናሉ?» ይላል። ሁለቱም ብሩ የዋለበትን ነው የሚናገሩት። ልዩነታቸው አንዱ እስካሁን እጅሽ ላይ መኖሩ፣ ሌላው አገልግሎ ማለቁ ነው።

እስኪ በአንድ ወር ሥራ እንሞክረው። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ ክብ ቁጥር አድርጌያቸዋለሁ፤ የገበያ ዋጋ አድርገሽ እንዳትወስጃቸው።

ከራስሽ ገንዘብ 400,000 ብር በንግዱ ስም ባንክ አስገብተሽ ጀመርሽ። ምን ላይ ዋለ? ባንክ ላይ። ከየት መጣ? ከአንቺ ከባለቤቷ። ስለዚህ ባንክ ዴቢት 400,000፣ ካፒታል ክሬዲት 400,000። «የራሴ ገንዘብ ለምን ዕዳ ባለበት ጎን ይጻፋል?» እንደምትይ አውቃለሁ። መዝገቡ የንግዱ መዝገብ ነው፤ ንግዱና አንቺ ለመዝገቡ ሁለት ሰው ናችሁ። ንግዱ ከአንቺ 400,000 ብር ተቀብሏል፤ ያንን ነው የሚያስታውሰው።

ከዚያ ከአንድ ጅምላ ሻጭ 30 ኩንታል ነጭ ጤፍ፣ ኩንታሉን በ10,000 ብር ገዛሽ። ጠቅላላው 300,000 ብር ነው። 200,000ውን ከባንክ ከፈልሽ፤ 100,000ው በዱቤ ቆየ። አሁን የዋለበት አንድ፣ የመጣበት ሁለት ነው።

የጤፍ ክምችት ዴቢት 300,000
ባንክ ክሬዲት 200,000
ተከፋይ ሂሳብ (ለጅምላ ሻጩ) ክሬዲት 100,000

በድሮው ደብተርሽ የሚታየው «ወጣ 200,000» ብቻ ነበር። 30 ኩንታሉም አይታይም፣ 100,000 ብር ዕዳውም አይታይም። ዱቤ የሚረሳው በዚህ ነው። እጅ በእጅ ስላልተከፈለ ብዕር አይነካውም፤ ሻጩ መጥቶ ሲጠይቅ ነው የሚታወሰው። በሁለት ወገን ስትጽፊ ግን ዕዳውን መርሳት አትችዪም። ግራው 300,000 ሆኖ ቀኙ 200,000 ላይ ከቆመ ገጹ ራሱ «100,000ው የታል?» ይልሻል።

ከ30ው 20 ኩንታሉን አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ ሸጥሽ፣ ኩንታሉን በ11,500 ብር። አይሱዙ ተከራይተሽ በደጀን፣ በዓባይ በረሃ አድርጎ ወጣ። ለመኪናውና ለጫኝና አውራጅ 8,000 ብር ከባንክ ከፈልሽ። ማጓጓዣ ወጪ ዴቢት 8,000፣ ባንክ ክሬዲት 8,000።

ሽያጩ 230,000 ብር ነው። ገዢው 130,000ውን በባንክ ላከ፤ 100,000ውን «በሚቀጥለው ጭነት» አለ። ባንክ ዴቢት 130,000፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ዴቢት 100,000፣ ሽያጭ ክሬዲት 230,000።

ሽያጭ ግን በዚህ አያልቅም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ብር ብቻ አይደለም የተንቀሳቀሰው፤ 20 ኩንታል ጤፍም ከመጋዘንሽ ወጥቷል። ያ ጤፍ 200,000 ብር ያወጣሽበት ነው። ስለዚህ ሌላ መስመር ያስፈልጋል፤ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ዴቢት 200,000፣ የጤፍ ክምችት ክሬዲት 200,000። ይህን ካልጻፍሽ መዝገብሽ አሁንም 30 ኩንታል ጤፍ አለሽ ይላል፤ ትርፍሽንም 200,000 ብር አብዝቶ ያሳይሻል። የሚያሳዝነው ደግሞ ሁለቱም ወገን አብረው ስለቀሩ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ነው። ስህተቱን አይነግርሽም።

በምሳሌው ጤፉን ሁሉ በአንድ ዋጋ ስለገዛሽው ስሌቱ ቀሏል። በተለያየ ቀን በተለያየ ዋጋ ስትገዢ አማካይ ዋጋ አውጪ። ጠቅላላ የከፈልሽበትን ለጠቅላላ ኩንታሉ አካፍዪና የሚወጣውን ሁሉ በዚያ ዋጋ ቀንሺ። ማኛውን ከሰርገኛው ጋር ግን አትደባልቂ፤ ለየራሳቸው ገጽ ይኑራቸው።

በመጨረሻ ለልጅሽ ትምህርት ቤት 15,000 ብር ከንግዱ ባንክ ከፈልሽ። ይህ የንግዱ ወጪ አይደለም። ለግል የተወሰደ ዴቢት 15,000፣ ባንክ ክሬዲት 15,000። ወጪ ውስጥ ብትከቺው ጤፉ ያላጠፋውን ገንዘብ በጤፉ ማሳበብ ይሆናል።

አሁን ገጾቹን ዝጊና የቀረውን ልቀሚ። ባንክ 307,000 ቀርቶታል። የጤፍ ክምችት 100,000 ነው፤ 10 ኩንታል ማለት ነው። ተሰብሳቢ 100,000፣ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ 200,000፣ ማጓጓዣ 8,000፣ ለግል የተወሰደ 15,000። እነዚህ ሁሉ በግራ ናቸው፤ ድምራቸው 730,000 ነው። በቀኝ ካፒታል 400,000፣ ተከፋይ 100,000፣ ሽያጭ 230,000 አለ። ይህም 730,000 ነው። ይህን ሠንጠረዥ ትራያል ባላንስ ይሉታል።

ትርፍሽን ለማወቅ ከሽያጩ 230,000 የጤፉን ዋጋ 200,000ና ማጓጓዣውን 8,000 ቀንሺ። 22,000 ብር ነው። ባንክሽ ግን ከ400,000 ወደ 307,000 ወርዷል። የድሮው ደብተር ቢሆን «93,000 ብር ጠፋብኝ» ብሎ ያስደነግጥሽ ነበር። አልጠፋም። 100,000 ብር የሚያወጣ ጤፍ መጋዘን አለ፣ 100,000 ብር አዲስ አበባ ሰው እጅ አለ። ካፒታልሽ በትርፉ 22,000 አድጎ፣ ለግል በወሰድሽው 15,000 ቀንሶ 407,000 ሆኗል። ያለሽን ሁሉ ደምሪው፣ 507,000 ነው። የጅምላ ሻጩን 100,000 ስትቀንሺ ያው 407,000 ይመጣል። በሁለት የተለያየ መንገድ ሄደሽ አንድ ቦታ ደረስሽ።

ዕቁብ ውስጥ እንዳለሽ አልነገርሽኝም። ግን የጎጃም ነጋዴ ሆኖ ዕቁብ የሌለበት ብዙ አላየሁም፤ ደግሞም ዴቢትና ክሬዲት ወለል ብሎ የሚገባው በዕቁብ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

20 ሰው ያለበት፣ በየሳምንቱ 2,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ እንበል። የሚወጣው 40,000 ነው። መጀመሪያ «ዕቁብ» የሚል ገጽ ክፈቺ። በየሳምንቱ ስትጥዪ ዕቁብ ዴቢት 2,000፣ ባንክ ክሬዲት 2,000። በአምስተኛው ሳምንት ገጹ በግራ በኩል 10,000 ብር ይላል። ያ ገንዘብ ሀብትሽ ነው፤ ዕቁቡ ለአንቺ ያለበት ነው።

በስድስተኛው ሳምንት እንደወትሮው 2,000 ጣልሽ፤ ግራው 12,000 ሆነ። በዚያው ቀን ዕጣው ወጣልሽና 40,000 ብር ተቀበልሽ። ባንክ ዴቢት 40,000፣ ዕቁብ ክሬዲት 40,000። አሁን ገጹን እይው። በግራ 12,000፣ በቀኝ 40,000 አለ። ቀኙ በ28,000 በልጧል። ይኸው አንድ ገጽ በአንድ ቀን ከሀብትነት ወደ ዕዳነት ተሻገረ። የሚቀሩት ሳምንታት 14 ናቸው፤ በ2,000 ስታባዢው 28,000 ይመጣል። ገጹ ያለብሽን ዕዳ ሳንቲም ሳያዛንፍ ነገረሽ። ከዚያ በየሳምንቱ ስትጥዪ ያው ዴቢት 2,000 ትጽፊያለሽ፤ አሁን ግን ዴቢቱ ሀብት እየጨመረ ሳይሆን ዕዳ እየቀነሰ ነው። በ20ኛው ሳምንት ገጹ ዜሮ ይሆናል።

ዴቢት በራሱ መጨመርም መቀነስም እንዳልሆነ በዚህ ይታይሻል። ግራ ብቻ ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው ገጹ የቆመበት ጎን ነው።

የማየው የተለመደ ስህተት ዕቁብ ሲጣል «ወጪ»፣ ሲወጣ ደግሞ «ገቢ» ብሎ መጻፍ ነው። ዕጣው በወጣበት ወር ነጋዴው 40,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ያንን አምኖ ዕቃ ይጨምራል፣ ቤት ያድሳል። ከዚያ ለቀሩት ሳምንታት ንግዱ የሚከስር ይመስለዋል። ንግዱ ግን አላተረፈም፣ አልከሰረምም። ዕቁብ ትርፍና ኪሳራ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለም። ሽያጭም ወጪም በሚሉት ገጾች ላይ ስሙ መነሳት የለበትም።

አሁን አጻጻፉን ከለመድሽ በኋላ የሚያስቸግርሽ ግራና ቀኝ አልገጥም ማለቱ ነው። ይህ ሲሆን ከመጀመሪያው አንስተሽ ሁሉን አትከልሺ። መጀመሪያ ልዩነቱን አውጪ፤ ልዩነቱ ራሱ ስህተቱ የት እንዳለ ይጠቁማል።

ልዩነቱ ለ9 ሳይተርፍ የሚካፈል ከሆነ ቁጥር ተገላብጦብሽ ሊሆን ይችላል። ገዢው የላከውን 130,000 በባንክ ገጽ ላይ 103,000 ብለሽ ጻፍሽ እንበል። ግራው 27,000 ይጎድላል። 27,000 ለ9 ሲካፈል ልክ 3,000 ይመጣል። ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልዩነት ስታገኚ አኃዛቸው ሊገላበጥ የሚችሉትን ቁጥሮች ብቻ ከደረሰኙ ጋር አመሳክሪ። አንድ ዜሮ መጨመር ወይም መርሳትም እንዲሁ ለ9 የሚካፈል ልዩነት ይሰጣል፤ 8,000ን 800 ብለሽ ብትጽፊ 7,200 ይጎድላል።

ልዩነቱ ለ9 ካልተካፈለ ደግሞ ለ2 አካፍዪው። ማጓጓዣውን 8,000 በግራ መጻፍ ሲገባሽ በስህተት በቀኝ ብትጽፊው ልዩነቱ 8,000 አይሆንም፣ 16,000 ይሆናል። ግራው 8,000 አጥቷል፣ ቀኙ ደግሞ 8,000 ተጨምሮበታል። ስለዚህ 16,000ን ለ2 አካፍለሽ 8,000 የሚል ቁጥር ፈልጊ። ብዙ ጊዜ እዚያው ነው የሚገኘው። ይህም ካልሆነ ልዩነቱን ራሱን ፈልጊ፤ አንዱ ወገን ተጽፎ ሌላው የተረሳ መስመር ይኖራል።

መግጠሙ ግን ሁሉ ነገር ልክ ነው ማለት አይደለም። ትራያል ባላንስ የማይዛቸው ስህተቶች አሉ። አንዱን ከላይ አይተናል፤ መስመሩ ከነሁለት ወገኑ ሲቀር። ሁለተኛው የተሳሳተ ገጽ ነው። የልጅሽን ትምህርት ቤት ክፍያ ማጓጓዣ ላይ ብትጽፊው ግራው ያው ግራ ነው፤ ይገጥማል። ትርፍሽ ግን ከ22,000 ወደ 7,000 ይወርዳል። ሦስተኛው ሁለቱንም ወገን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ የነገርኩሽ የስልክ መልእክት መዘዝ ይህን ዓይነት ስህተት ነው የሚያመጣው፤ መጠኑ እኩል ስለሆነ ያለምንም ጩኸት ያልፋል።

እነዚህን የምትይዢው ከመዝገብሽ ውጭ ባለ ነገር ነው። ለባንክ ገጽሽ ከባንኩ የወር ስቴትመንት ጠይቂ። የእሱ ክሬዲት የአንቺ ዴቢት መሆኑን አሁን ስለምታውቂ መስመር በመስመር አመሳክሪ። የእሱ ላይ ኖሮ የአንቺ ላይ የሌለ ነገር ቢኖር ብዙውን ጊዜ የባንክ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ በወጪ ጻፊው። አዲስ አበባ ላለው ገዢ ደግሞ ደውዪና ቀሪው ስንት እንደሆነ እሱ ከያዘው ጋር አስተያዪ። እሱ ዕዳ ብሎ በቀኝ የጻፈው አንቺ ተሰብሳቢ ብለሽ በግራ ከጻፍሽው ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህ 100,000 ይመጣ ይሆን ወይስ አይመጣም የሚለውን ግን መዝገቡ አያውቅም። ያንን የምታውቂው ሰውየውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ለጤፉ መጋዘን ገብተሽ ቁጠሪ፣ መዝኚም። መዝገቡ 10 ኩንታል አለ ይላል። ጆንያ ሲቀደድ፣ ሲበጠር፣ ሚዛን ላይ ሲዛነፍ የሚጎድለውን ማንም ደረሰኝ አይሰጥበትም። ሚዛኑ 9 ኩንታል ተኩል ቢልሽ እውነቱ ሚዛኑ ነው። የክምችት ጉድለት ዴቢት 5,000፣ የጤፍ ክምችት ክሬዲት 5,000 ብለሽ መዝገቡን ወደ እውነቱ አምጪው። የወሩ ትርፍሽም ከ22,000 ወደ 17,000 ይወርዳል። አንዳንድ ሰው «ይቅር፣ ትንሽ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በየወሩ እየተጠራቀመ ሄዶ በዓመቱ መጨረሻ የሌለ ጤፍ በመዝገብ ተከምሮ ይገኛል። በሌለ ጤፍ ላይ ትርፍ አስልቶ ግብር መክፈል ደግሞ ያማል።

የያዝሽውን የገባና የወጣ ደብተር አትጣይው። ይህን አሠራር አሳትሞ ያሰራጨው ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቺዮሊ ነው፤ በፈረንጆች 1494 በቬኒስ ከተማ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። እሱ የጻፈው የቬኒስ ነጋዴዎች ቀድሞም ይሠሩበት የነበረውን ነው፤ ፈጣሪው እሱ አይደለም። ነጋዴው ሦስት መዝገብ ይኑረው ይላል። አንዱ በየቀኑ የሆነው እንደሆነ የሚጻፍበት፣ ሁለተኛው ያው ነገር ዴቢትና ክሬዲት ተለይቶ በቀን ተራ የሚሰፍርበት ጆርናል፣ ሦስተኛው ሌጀር። የአንቺ ደብተር የመጀመሪያው ነው። ሱቅ ላይ ገበያ ሲሟሟቅ ዴቢት ክሬዲት እያልሽ አትጨነቂ፤ የሆነውን፣ ከማን ጋር እንደሆነና ስንት እንደሆነ በደብተርሽ ጻፊ። ዱቤንም ጨምሪ፤ ብር ባይነካም ድርጊት ነው። ማታ ሱቅ ስትዘጊ ወደ ጆርናል አዛውሪው። ሌጀሩን በሳምንት አንድ ቀን የወንድምሽ ልጅ ይሙላልሽ።

አጀማመሩ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። «ለዓመታት ስነግድ ኖሬ ከየት ልጀምር?» ይላል። ያለፈውን መቆፈር አያስፈልግም። አንድ ቀን ምረጪ፤ የበጀት ዓመቱ ስለሆነ ሐምሌ 1 ቢሆን ደግ ነው፣ ግን የወር መጀመሪያም ይበቃል። በዚያ ቀን ጠዋት፣ ገበያ ሳይጀመር፣ ባንክ ያለሽን፣ በእጅሽ ያለውን ጥሬ ብር፣ የተመዘነውን ጤፍ በተገዛበት ዋጋ፣ ሰው ዘንድ ያለውንና እስካሁን የጣልሽውን ዕቁብ በየገጻቸው በግራ ጻፊ። ያለብሽን የጅምላ ዕዳ፣ የባንክ ብድርና ቀድመሽ የወሰድሽው ዕቁብ ካለ የቀረሽን መዋጮ በቀኝ ጻፊ። ግራው ይበልጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚበልጥበትን መጠን «ካፒታል» በሚለው ገጽ በቀኝ አስፍሪው። የዚያን ቀን የመጀመሪያ ሽያጭሽ ሁለተኛው መስመር ይሆናል።